የቴሌግራም ቻናል ላይ የቆየ ዋጋ ይዘው ለሚመጡ ደንበኞች ምን ትላላችሁ?

መገናኛ_የልጆች_ጫማ

ሰላም ለሁላችሁም። መገናኛ አካባቢ የልጆች ጫማ ሱቅ አለኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ለደንበኞቼ ብዬ የቴሌግራም ቻናል ከፈትኩ። አሁን 640 አባል አለው። አብዛኞቹ ሱቅ መጥተው የገዙ እናቶች ናቸው፤ ሲከፍሉ ስልካቸውን ተቀብዬ ሊንኩን እልክላቸዋለሁ።

ሁለት ነገር አስቸግሮኛል። የመጀመሪያው፣ በፊት አንድ ፖስት 400 ሰው ያየው ነበር። አሁን 90 ከደረሰ እሰየው ነው። አባሉ ግን አልቀነሰም።

ሁለተኛው ይብሳል። ትናንት ቅዳሜ አንዲት እናት ከሰሚት ልጇን ይዛ መጣች። ስልኳን አውጥታ የኔኑ ፖስት አሳየችኝ፣ ጥቁር የትምህርት ቤት ጫማ 1,850 ብር ይላል። ጥቅምት ላይ የለጠፍኩት ነው። ጫማው አሁን 2,400 ነው፣ ምክንያቱም በጅምላ ራሱ ጨምሮብኛል። እሷ ግን እኅቷ ከላከችላት ነው ያየችው፣ መቼ እንደተለጠፈ አታውቅም። ልጁ ደግሞ ጫማውን አጥልቆ አላወልቅም አለ። እሷም ተናደደች፣ እኔም አዘንኩ። በመጨረሻ 1,950 ሰጠኋት፣ በኪሳራ። እሷም ደስ ብሏት አልሄደችም።

ማክሰኞ ማክሰኞ ነው ዕቃ የማስገባው። የገባውን እያንዳንዱን ጫማ ፎቶ አንስቼ አንድ በአንድ እለጥፋለሁ፣ አንዳንዴ 12፣ አንዳንዴ 15 ይሆናል። ዋጋውን ሥሩ እጽፋለሁ። ምን ላስተካክል?

ፈጣን_ገበያ

እህቴ አልጎሪዝሙ ነው። ቴሌግራም አሁን እንደ ቲክቶክ ሆኗል፣ ብዙ ካልለጠፍሽ ለሰው አያሳይልሽም። በቀን 20 ፖስት አድርጊ፣ ቪዲዮ ጨምሪበት። ዋጋውን ደግሞ ገብተሽ ኤዲት አድርጊው፣ የተላከላቸው ሰዎች ጋ ያለውም አብሮ ይስተካከላል።

ሽሮሜዳ_ቀሚስ

@ፈጣን_ገበያ ወንድሜ፣ ቪዲዮው ጥሩ ነው፣ የቀረው ግን ያሳስታታል። የቻናል ፖስት ለአባሉ ሁሉ በተራው ይደርሳል። መርጦ የሚደብቅ ነገር የለም። ኤዲቱም እንዳልከው አይደለም። ፖስቱን ስታስተካክል የሚስተካከለው ቻናሉ ላይ ያለው ብቻ ነው። ፎርዋርድ ተደርጎ ሰው ጋ የሄደው በተላከበት ሰዓት እንደነበረው ይቀራል። ጥቅምት ላይ ለእኅቷ የተላከው 1,850 እስከ ዛሬ 1,850 ነው፣ መገናኛዋ ቻናሉ ላይ መቶ ጊዜ ብታስተካክለውም።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ሽሮሜዳ የሐበሻ ቀሚስ ነው የምሸጠው፣ ቻናል ከያዝኩ ሰባት ዓመት አልፎኛል። ያንቺ ያባልሽ መቀነስ ሳይሆን ድምፅ ማጥፋት ነው። አስቢው፣ አንዲት እናት ሥራ ላይ ሆና ማክሰኞ ጠዋት ስልኳ 15 ጊዜ ይጮኻል። መጀመሪያ ቀን ታያለች። ሁለተኛው ሳምንት ሚውት ታደርጋለች። ሚውት ያደረገችው ቻናል ሲለጠፍበት ድምፅ አይሰማትም፣ ከዚያ ትረሳዋለች። ቻናሉን አልለቀቀችም፣ ስለዚህ ቁጥሩ 640 ላይ ይቆማል።

ይሄን በግምት አትያዢው። የቻናልሽን ስታቲስቲክስ ክፈቺና Enabled Notifications የሚለውን መቶኛ እዪው። ስንት እንደሆነ ጻፊልን።

መገናኛ_የልጆች_ጫማ

አሁን አየሁት። 14 በመቶ ይላል። ደነገጥኩ።

ሽሮሜዳ_ቀሚስ

እኔም አንድ ጊዜ 11 ደርሶብኛል፣ ይመለሳል። ዝም ብሎ ግን አይመለስም።

ከዚህ በኋላ በአንድ ዕቃ አንድ ፖስት ማድረጉን ተዪ። እስከ 10 ፎቶ በአንድ ላይ ሆኖ ይሄዳል፣ ጽሑፉ ከሥር አንድ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚጮኸው። 15 ጫማ ካለሽ አሥሩን በድምፅ ላኪ፣ አምስቱን ደግሞ የመላኪያውን ቁልፍ ተጭነሽ ስትይዢ Send Without Sound ይልሻል፣ በዚያ ላኪው። ይደርሳቸዋል፣ ስልካቸው ግን አይጮኽም።

ጽሑፉን እንዲህ አድርጊው፦

አዲስ የገባ፣ ማክሰኞ ጥር 19
መ14 ጥቁር የትምህርት ቤት፣ 2,400 ብር፣ #ቁጥር27 #ቁጥር28 #ቁጥር30
መ15 ነጭ ስኒከር፣ 2,100 ብር፣ #ቁጥር24 #ቁጥር25
ዋጋው እስከ እሁድ ጥር 24 ብቻ

ቀኑን ለምን በጽሑፍ ጻፍሽ እንዳትይኝ። ቴሌግራም ራሱ ቀን ያሳያል፣ ግን ፎርዋርድ የተደረገለት ሰው የሚያየው የደረሰበትን ሰዓት ነው። ጽሑፉ ውስጥ ካለ ግን የትም ቢሄድ ቀኑ አብሮት ይሄዳል። የሰሚቷ እናት «እስከ ጥቅምት 20» የሚል ብታነብ ኖሮ ደውላ ትጠይቅሽ ነበር።

መገናኛ_የልጆች_ጫማ

ገባኝ። መ14 ያልሽው ምንድነው? ፎቶዎቹን 1፣ 2፣ 3 ብዬ ብጽፍባቸውስ?

ሽሮሜዳ_ቀሚስ

ጫማ ነው የምትሸጪው። ደንበኛዋ «ቁጥር 4 ስንት ነው» ስትልሽ አራተኛው ፎቶ ይሁን የጫማው ቁጥር በምን ታውቂያለሽ? ሀ ለ ሐ መ ብለሽ ስትጀምሪ ደግሞ በስልክ ስትደውል «ሀ» ስትል የትኛው ሀ እንደሆነ አይለይም። እኔ ፊደልና ቁጥር አብሬ ነው የምጽፈው፣ መ14። ያንኑ ኮድ ሱቅ ውስጥ ካርቶኑ ላይ በፓርከር ጻፊው። የሱቅ ልጅሽ «መ14 ቁጥር 30 አለ ወይ» ስትባል ሳጥን ስትከፍት አትውልም።

ሃሽታጉ ደግሞ ለእናቶቹ ነው። የ6 ዓመት ልጅ ያላት እናት #ቁጥር30 ን ስትነካ በቻናሉ ላይ ያለው የ30 ጫማ ሁሉ ይወጣላታል። ቁጥር የሚለውን ቃል አትርሺ፣ #30 ብቻ ስትጽፊ አይሠራም፣ ፊደል ይፈልጋል። 30 ሲያልቅ ኤዲት አድርገሽ ያንን ሃሽታግ አጥፊው፣ ከፍለጋውም ይወጣል። ሁሉም ሲያልቅ «መ14 አልቋል» በይው። ኤዲት ስታደርጊ ለሰው አይጮኽም፣ ስለዚህ በቀን አሥር ጊዜም ብታደርጊ ማንንም አታስቸግሪም።

አባል_ጨማሪ

640 አባል ይዘሽ ነው እንዴ የምትጨነቂው? አባል አስጨምሪ። 5,000 በርካሽ የሚያስገቡ አሉ። ብዙ አባል ሲያዩ ሰው ያምናል።

የሁለት_ልጆች_እናት

@አባል_ጨማሪ ጥያቄዋ እኮ አባል አነሰኝ አይደለም። ያሉትን እንዴት ልያዝ ነው። እኔ ገዢ ነኝ። 5,000 አባል ያለው ቻናል ላይ ፖስቱን 60 ሰው ብቻ እንዳየው ሳይ ወዲያው ነው የምወጣው። ከዓይኗ ምልክት ጎን ቁጥሩ ይታያል፣ ሰው አይታለልም።

እግረ መንገዴን ለሻጮች ሁሉ አንድ ነገር ልበል። እባካችሁ «ዋጋ በኢንቦክስ» አትበሉን። ማታ ልጆች አስተኝቼ 3 ሰዓት ላይ ነው ስልኬን የማየው። በዚያ ሰዓት ጽፌ መልስ እስከ ጠዋት ልጠብቅ? ደግሞ በኢንቦክስ የሚነገረኝ ዋጋ ለኔና ለጓደኛዬ ሲለያይ አይተናል። ዋጋ ካልተጻፈ አልፌ እሄዳለሁ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

እኔም ከዚህችኛዋ ጋር ነኝ። አሜሪካ ነው ያለሁት፣ አዲስ አበባ ላሉት የወንድሜ ልጆች ጫማና ልብስ የምገዛው ከእንዲህ ዓይነት ቻናል ነው። እናንተ ጠዋት ሱቅ ስትከፍቱ እኔ ጋ ሌሊት ነው። ጽፌ መልስ ሲመጣ እኔ ሥራ ላይ ነኝ፣ እኔ ስመልስ እናንተ ዘግታችኋል። አንድ ጫማ ለመግዛት ሦስት ቀን ይፈጃል። ዋጋውና ያለው ቁጥር ተጽፎ ሲሆን ግን ወንድሜ ጋ ፎርዋርድ አደርገዋለሁ፣ ሄዶ ከፍሎ ይወስዳል። አለቀ።

አንድ ሱቅ ደግሞ ፎርዋርድ ማድረግና ፎቶ ሴቭ ማድረግ ከልክሎ ነበር። ለምን እንደሆነ አልገባኝም፣ እኔን ግን አጣኝ።

አዲስ_ሞባይል

የከለከለበትን እኔ ልንገርሽ። ፎቶ ሌቦች ናቸው። እኔ ሞባይል ነው የምሸጠው። አንድ ሰው የቻናሌን ስም አንድ ፊደል ብቻ ቀይሮ ተመሳሳይ ቻናል ከፈተ። ፎቶዎቼን በሙሉ ወስዶ ዋጋውን አሳንሶ ለጠፈ፣ «ቀብድ በቴሌብር ላኩ» ብሎ። ሦስት ሰው ቀብድ ልኮ ሱቄ መጣና እኔን ሌባ አለኝ። እንዴት እንደሚያም አልነግራችሁም። ፎርዋርድና ሴቭ ዘጋሁ። ግን ስክሪኑን በሌላ ስልክ ፎቶ ሲያነሳ ምን ታደርገዋለህ? እንደ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉትንም አጣሁ። ስለዚህ መልሼ ከፈትኩት። አሁን ፎቶው መሐል ላይ፣ ዕቃው ራሱ ላይ፣ የሱቄን ስምና ስልክ በስሱ እጽፋለሁ። ጠርዝ ላይ ከጻፍከው ቆርጦ ይጥለዋል። ፒን ያደረግኩት ጽሑፍ ላይም «ዕቃ ሳታዩ ብር አትላኩ፣ የምንቀበልበት ቁጥር ይሄ ብቻ ነው» ብያለሁ። ሙሉ በሙሉ ቆሟል አልልም።

ሌላም ልጨምር። ቻናሉን ማን ስልክ ላይ ነው የከፈትሽው? እኔ መጀመሪያ የሱቅ ልጅ ነበር በራሱ ስልክ የከፈተው። ሥራ ሲለቅ ተጣላን፣ ቻናሉም አብሮት ሄደ። እኔ አድሚን ብቻ ነበርኩ፣ አወጣኝ። 2,000 ደንበኛ።

መገናኛ_የልጆች_ጫማ

ውይ አዝናለሁ። እኔም የከፈትኩት በወንድሜ ልጅ ስልክ ነው፣ አሁን ሌላ ሥራ ይዟል። በሰላም ነው ያለነው ግን።

አዲስ_ሞባይል

በሰላም እያላችሁ አዛውሪው። ባለቤትነት ይተላለፋል፣ ግን በአንድ ቀን አይሆንም። እሱ ስልኩ ላይ ባለሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል ማብራት አለበት፣ ካበራ በኋላ ሰባት ቀን ማለፍ አለበት። ስለዚህ ዛሬ ደውዪለትና ያብራ። በሚቀጥለው ሳምንት አንቺን አድሚን አድርጎ ባለቤትነቱን ያስተላልፋል። የሱቅ ልጅሽን ደግሞ መለጠፍና ማስተካከል ብቻ ፍቀጂላት፣ ሌላ አድሚን መጨመሩን አጥፊባት።

ብረት_ተራ

ልጆቼ፣ እኔ በዕድሜ ከሁላችሁም ሳልበልጥ አልቀርም። የግንባታ ብረት ነው የምሸጠው። የናንተ ዕቃ በሳምንት ቢቀየር የኔ ጠዋት ሌላ፣ ማታ ሌላ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሬው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህማ አስመጪው ራሱ ከሰዓት በኋላ ዋጋ አይሰጥም።

እኔ ፎቶ የለኝም። ብረት ብረት ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ጽሑፍ እለጥፋለሁ፣ የ8፣ የ10፣ የ12፣ የ14፣ የ16 ዋጋ፣ «እስከ 11 ሰዓት» ብዬ። የትናንቱን አጠፋዋለሁ። ቻናሌ ላይ ሁልጊዜ ያለው አንድ ጽሑፍ ብቻ ነው። ተቋራጩ ሲከፍት የሚያየው የዛሬውን ነው። ስለዚህ ለጫማዋ ልጅ የምለው፣ የቆየውን አጥፊ። የማስተካከል ጣጣ ምን አስፈለገሽ?

ሽሮሜዳ_ቀሚስ

ጋሼ፣ ለእርስዎ ይሄ ልክ ነው፣ የትናንት ዋጋ ለማንም አይጠቅምም። እኛ ጋ ግን የቆየው ፖስት ራሱ ሱቅ ነው። አዲስ የገባች ደንበኛ ወደ ላይ እየሄደች ያለፈውን ታያለች፣ «እንዲህ ዓይነት ይመጣል ወይ» ብላ ትጠይቃለች። ከምጽፈው ትዕዛዝ ብዙው በዚያ መንገድ የመጣ ነው። ስለዚህ ፎቶውን አላጠፋም። ዋጋውን ግን አጠፋለሁ፣ «አልቋል፣ በትዕዛዝ ይመጣል» እለዋለሁ።

ብረት_ተራ

እሱም ያስኬዳል። እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቃት። ያቺን እናት በ1,950 የሸጥሽላት ልክ ነው ብለሽ ነው? በእኛ ጊዜ የተጻፈ ዋጋ ቃል ነው። በስንት ገዛሽው?

መገናኛ_የልጆች_ጫማ

ጋሼ፣ አሁን የገባልኝ በ2,050 ነው። በ1,950 ስሰጣት 100 ብር ከኪሴ ነው፣ ኪራዩን ሳልቆጥር። የጥቅምቱ ግን በ1,520 ነበር የገባው።

ብረት_ተራ

እንግዲያው የጥቅምቱ ቢኖርሽ በ1,850 መስጠት ነበረብሽ። ከሌለሽ ግን አዲሱ ሌላ ዕቃ ነው። ሁለቱን ካርቶን አሳዪአትና ደረሰኙንም አሳዪአት። ሰው እውነቱን ካየ ይረዳል።

የሁለት_ልጆች_እናት

ይቅርታ ጋሼ፣ እኔ ደረሰኝ አላይም። ሁለት ታክሲ ይዤ፣ ልጅ አዝዬ መጥቼ ጫማው 550 ብር ጨምሯል ስባል የማየው የለጠፋችሁትን ነው። የመጣሁት እሱን አምኜ ነው።

ፈጣን_ገበያ

የኤዲቱን ነገር ቤት ሞክሬ አየሁት፣ ሽሮሜዳ ልክ ናት፣ የተላከው አይቀየርም። ተሳስቼ ነበር። ግን ዋጋውን ፎቶው ላይ መጻፉ አይሻልም? ሰው ጽሑፍ አያነብም፣ ፎቶ ብቻ ነው የሚያገላብጠው።

ሽሮሜዳ_ቀሚስ

እሱ ላይ እኔም እስካሁን አልወሰንኩም። ፎቶው ላይ ሲሆን ሰው ያየዋል፣ እውነት ነው። ግን ፎቶው ስልኩ ላይ ይቀራል፣ ቀኑን ሳይዝ። ከጻፋችሁ ከዋጋው ሥር ቀኑንም ጻፉበት፣ እኩል በሚነበብ መጠን።

አዲስ_ሞባይል

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ። የካቲት 2015 ላይ ቴሌግራም ሲዘጋ እስከ ሐምሌ ነው የቆየው። ቪፒኤን የሚያውቅ ገባ፣ የማያውቀው ጠፋ። ስልክ ቁጥር የያዝኩባት ደብተር ባትኖረኝ ሱቁን እዘጋው ነበር። በአጭር መልእክት እየላክሁ ነው ያለፍኩት። መገናኛዋ ስልካቸውን ስለምትቀበል ጥሩ ነው፣ ደብተር ላይ ግን ይስፈር፣ ከልጁ ቁጥር ጋር። እግር ያድጋል፣ ከስድስት ወር በኋላ ማንን መደወል እንዳለብሽ ታውቂያለሽ።

መገናኛ_የልጆች_ጫማ

ሦስት ሳምንት ሆኖታል፣ ያደረግኩትን ልንገራችሁ።

የወንድሜ ልጅ የይለፍ ቃሉን አበራ፣ በስምንተኛው ቀን ቻናሉ በስሜ ሆነ። ማክሰኞ ማክሰኞ አንድ ፖስት በድምፅ፣ የቀረው ያለ ድምፅ። ከዚያ በፊት ግን «ከእንግዲህ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ነው ስልካችሁ የሚጮኸው» ብዬ ጽፌ ፒን አደረግኩት፣ ለቅርብ ደንበኞቼም በስልክ ነገርኳቸው። የመጀመሪያው ፖስት 140 ሰው አየው፣ ሁለተኛው 190፣ ሦስተኛው 255። Enabled Notifications ከ14 ወደ 22 ከፍ ብሏል። 400 አልደረስኩም።

የቆየውን ፖስት ሁሉ ዋጋውን አጠፋሁ፣ ከ300 በላይ ስለነበር አራት ማታ ፈጀብኝ። መ14 ላይ ቁጥር 28 ሲያልቅ የሱቅ ልጄ ወዲያው ታጠፋዋለች፣ ኮዱ ካርቶኑ ላይ ስላለ አትሳሳትም።

ግን ዛሬ አንዲት ደንበኛ ባለፈው ሳምንት የለጠፍኩትን ይዛ መጣች። ዋጋው እስከ እሁድ ይላል፣ የመጣችው ሰኞ ጠዋት ነው። 150 ብር ጨምሯል። «እሁድ ዝግ ነበራችሁ» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ እሁድ አንከፍትም። በድሮው ሰጠኋት። አሁን እስከ ቅዳሜ ልበለው ወይስ እስከ ሰኞ? የዚህ ማክሰኞ ዕቃ ነገ ነው የሚገባው፣ ከመለጠፌ በፊት ሐሳባችሁን ብሰማ ደስ ይለኛል።

ሽሮሜዳ_ቀሚስ

እስከ ቅዳሜ 12 ሰዓት በይው። ሰዓቱንም ጻፊ።

ብረት_ተራ

እስከ ሰኞ በይው ልጄ። አዲሱ ዕቃ ማክሰኞ ነው የሚገባው አይደል? እስከዚያ ያለው የድሮው ዕቃ ነው።